ግኝቱ ከመረጃው ያልወጣ ተግባራዊ ምርምር እንዴት ይገመገማል?

የሠልጣኞችን ተግባራዊ ምርምር የምታማክሩና የምታርሙ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ መምህራን በየዓመቱ የምታነቡት ሪፖርት አብዛኛው ቅርጹ የተሟላ ነው። መግቢያው፣ የችግሩ መግለጫ፣ የጥናቱ ዘዴ፣ ሠንጠረዡ፣ ማጠቃለያውና የመፍትሔ ሐሳቡ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ሕመሙ ያለው በምዕራፎቹ መካከል ነው። ሠንጠረዡ አንድ ነገር ይናገራል፣ ማጠቃለያው ደግሞ ሌላ።

ይህን ሳናየው የምናልፈው በስንፍና አይደለም። ሠልጣኟ «ልጆቹ ማንበብ ያልቻሉት ወላጆች ስለማይከታተሏቸው ነው» ብላ ስትጽፍ እኛም ያንኑ ስለምናምን ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። ማስረጃውን ከራሳችን ልምድ አውጥተን እንሞላላታለን ማለት ነው። ስለዚህ ግምገማ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይለዩ፦ «ይህ አባባል እውነት ነው ወይ?» እና «ይህ አባባል ከዚህ መረጃ ይወጣል ወይ?»። እርስዎ የሚያርሙት ሁለተኛውን ነው። እውነት የሆነ አባባልም ከተሰበሰበው መረጃ ካልወጣ የዚያ ጥናት ግኝት አይደለም።

በሌላ በኩል ተግባራዊ ምርምርን ባልሆነው ነገር መቅጣት ተገቢ አይደለም። ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በጽሑፍ ካቀረበ ወዲህ የዚህ ምርምር መሠረት ማቀድ፣ መተግበር፣ የሆነውን መመልከትና መልሶ ማሰብ ነው። አንዲት መምህርት በራሷ ክፍል፣ በራሷ ተማሪዎች ላይ ትሠራዋለች። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራትም፣ ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ውጤቱም ለሌላ ትምህርት ቤት አይሠራም ብሎ ማርክ መቀነስ ያልጠየቅናትን ሥራ አልሠራሽም ማለት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ያላትን ትንሽ መረጃ ከሚችለው በላይ ስታናግረው ነው።

ከዚህ በታች አንድ ሪፖርት ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን። ሪፖርቱ ለዚህ መመሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹም የማንም ሠልጣኝ አይደሉም። ስሕተቶቹን ግን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

ሪፖርቱ በአጭሩ

ሠልጣኟ በፕራክቲከም ላይ ሳለች በአንድ የ3ኛ ክፍል 52 ተማሪዎችን አስተማረች። ሁሉንም አንድ በአንድ ለአንድ ደቂቃ ድምፅ እያሰሙ እንዲያነቡ አድርጋ በትክክል ያነበቡትን ቃላት ቆጠረች። ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ 12 ተማሪዎችን መርጣ ለ4 ሳምንት በጥንድ እንዲያነቡ አደረገች፣ ከዚያም መልሳ ለካቻቸው። በተጨማሪ ለ4 መምህራን መጠይቅ በተነች፣ በየሳምንቱም የክፍል ምልከታ ማስታወሻ ያዘች። ማጠቃለያዋ ላይ ሦስት ነገር ጻፈች። አንደኛ፣ ጥንድ ንባብ የተማሪዎቹን የማንበብ ችሎታ በ50 በመቶ አሻሽሏል። ሁለተኛ፣ የችግሩ ዋና መንስኤ የወላጆች ክትትል ማነስ ነው። ሦስተኛ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተጨማሪ የንባብ መጻሕፍት ማሟላት አለበት።

ደረጃ 1፦ ከኋላ ይጀምሩ

ሪፖርቱን ከመግቢያው ጀምሮ ሲያነቡ ጸሐፊዋ በሐሳቧ ይዛዎት ትሄዳለች፤ ምዕራፍ አምስት ሲደርሱ ማጠቃለያው የሚጠበቅ ይመስልዎታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማጠቃለያውን ብቻ ይክፈቱ። ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው ዓምድ እያንዳንዱን የግኝት ዓረፍተ ነገር በራሷ በሠልጣኟ ቃል ይገልብጡ፣ አያሳጥሩት፣ አያስተካክሉትም። በሁለተኛው ዓምድ ያንን ለማለት ምን መረጃ ያስፈልግ እንደነበር ይጻፉ፤ ይህን ግን ሠንጠረዡን ሳያዩ ይጻፉት። ሦስተኛውን ዓምድ ለጊዜው ባዶ ይተዉት።

ሁለተኛውን ዓምድ ቀድሞ መሙላት ዋናው ነገር ነው። ሠንጠረዡን አስቀድመው ካዩ ያለውን መረጃ «ይበቃል» ወደ ማለት ያዘነብላሉ። ለምሳሌ «የችግሩ ዋና መንስኤ የወላጆች ክትትል ማነስ ነው» ለማለት ምን ያስፈልጋል? ቢያንስ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው፣ ወላጁ ወይም ልጁ ራሱ፣ መጠየቅ አለበት። «ዋና» ለማለት ደግሞ ሌሎች መንስኤዎችም ተጠይቀው መነጻጸር አለባቸው። ክትትል የሚደረግላቸውና የማይደረግላቸው ልጆች በንባብ ይለያዩ እንደሆነ የሚያሳይ ነገርም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምዕራፍ አራትና ወደ አባሪው ሄደው ሦስተኛውን ዓምድ ይሙሉ፦ የተገኘው መረጃ ምንድን ነው፣ ከማን፣ በየትኛው ገጽ? ሦስተኛው የሠልጣኟ ድምዳሜ፣ የመጻሕፍቱ ጉዳይ፣ እዚህ ላይ ወዲያው ይወድቃል። ስለ መጻሕፍት ብዛት የጠየቀችበት ቦታ የለም። ይህን የመሰለ የመፍትሔ ሐሳብ ከሌሎች ሪፖርቶች እየተገለበጠ የሚመጣ ልማድ ነው። «ከየትኛው ሠንጠረዥ መጣ?» ብሎ ጠይቆ ማለፍ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ «ይህን ማን ነገራት?» ብለው ይጠይቁ

ስለ ወላጆች የተባለው ከመምህራኑ መጠይቅ ነው የመጣው። ጥያቄው «ወላጆች የልጆቻቸውን ንባብ ይከታተላሉ?» የሚል ሲሆን 75 በመቶው «አይከታተሉም» ብለዋል። ከ4 መምህራን 75 በመቶው 3 ሰው ነው። ሰዎቹ ከ20 ሲያንሱ ሠልጣኞች በመቶኛ ብቻ እንዳይጽፉ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። «3 መምህራን እንዲህ ብለው ያምናሉ» ሲባል አንባቢው ክብደቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ «75 በመቶ» ሲባል ግን ብዙ ሕዝብ የተጠየቀ ይመስላል።

ቁጥሩ ቢበዛ እንኳ ችግሩ አይፈታም። መምህራን ስለ ቤት የሚናገሩት እምነታቸውን ነው። አርባ መምህራን ቢጠየቁም የምናገኘው የአርባ መምህራንን እምነት እንጂ ቤት ውስጥ የሆነውን አይደለም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ መጻፍ ነበረበት፦ «ከተጠየቁት 4 መምህራን 3ቱ ወላጆች ንባብን አይከታተሉም ብለው ያምናሉ፤ ወላጆችና ተማሪዎች ስላልተጠየቁ ይህን ማረጋገጥ አልተቻለም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለሪፖርቱ ውርደት አይደለም፣ ከመረጃው የሚወጣው ይኸው ነው።

ደረጃ 3፦ ልጆቹን ይቁጠሩ

አሁን ወደ ትልቁ ግኝት እንምጣ፤ «በ50 በመቶ አሻሽሏል» ወደሚለው። ምዕራፍ አራት ላይ ያለው ሠንጠረዥ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ አማካይ ከጥንድ ንባቡ በፊት 18 ቃል፣ ከጥንድ ንባቡ በኋላ 27 ቃል። ልዩነቱ 9 ነው፤ 9 ደግሞ የ18 ግማሽ ስለሆነ 50 በመቶ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ብዙ ገምጋሚም እዚህ ላይ ያበቃል።

አባሪውን ይግለጡ። የመጀመሪያው ዝርዝር 12 ተማሪዎች አሉት። የሁለተኛው 9 ብቻ። ሦስቱ በመጨረሻው ልኬታ ቀን አልተገኙም። በመጀመሪያ ያነበቡት 8፣ 9 እና 10 ቃል ነበር፤ ከሁሉም የደከሙት እነሱ ናቸው። አማካዩ ከፍ ያለው በከፊል ደካሞቹ ከስሌቱ ስለወጡ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ሁለቱንም ጊዜ የተለኩትን 9 ልጆች ብቻ መያዝ ነው። የ12ቱ ድምር 216 ነበር፤ የሦስቱ 27 ሲቀነስ 189 ይቀራል፣ ለ9 ሲካፈል 21። ስለዚህ ለውጡ ከ21 ወደ 27 ነው፤ 6 ቃል፣ በመቶኛ ሲሰላ ወደ 29 ይጠጋል።

ይህን ለማየት ካልኩሌተርም አያስፈልግም፤ የሁለቱን ዝርዝር መስመር መቁጠር ብቻ ነው። በፊትና በኋላ የሚያነጻጽር ሪፖርት ሁሉ አባሪው ላይ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት፣ ስሙን ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ይዞ፣ ማቅረብ አለበት። ከሌለው አማካዩን የሚያጣሩበት መንገድ ስለማይኖርዎት ግምገማውን ከመቀጠልዎ በፊት ያስመጡት።

ደረጃ 4፦ አማካዩን ይበትኑት

ዘጠኙን ልጆች አንድ በአንድ እንያቸው። በፊትና በኋላ ያነበቡት ቃል ይህ ነው፦

| ተማሪ | በፊት | በኋላ | ለውጥ |
|---|---|---|---|
| ተ1 | 24 | 38 | 14 |
| ተ2 | 26 | 40 | 14 |
| ተ3 | 22 | 37 | 15 |
| ተ4 | 20 | 21 | 1 |
| ተ5 | 19 | 20 | 1 |
| ተ6 | 21 | 21 | 0 |
| ተ7 | 18 | 19 | 1 |
| ተ8 | 20 | 25 | 5 |
| ተ9 | 19 | 22 | 3 |

ጠቅላላው ጭማሪ 54 ቃል ነው። ከዚያ ውስጥ 43ቱ የሦስት ልጆች ነው። አራቱ ልጆች ከነበሩበት ብዙም አልተነቃነቁም። «ተማሪዎቹ በአማካይ 6 ቃል ጨመሩ» የሚለው በሒሳብ ልክ ሆኖ ሳለ ስድስት ቃል የጨመረ አንድም ልጅ የለም። የተማሪዎች ቁጥር ጥቂት ሲሆን አማካይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ለዚህ ነው የጥቂት ልጆች ጥናት ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ ማየት የሚያዋጣው።

ከሪፖርት አቀራረብ በፊት ጊዜ አጥተው አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ የሚችሉ ከሆነ «ምንም ያልተለወጠው የትኛው ልጅ ነው? ለምን ይመስልሻል?» ብለው ይጠይቁ። ክፍሏን በእርግጥ ያጠናች ሠልጣኝ መልስ አላት። ቁጥሩን ብቻ የያዘች ግን ወደ ወረቀቷ ታቀረቅራለች።

ደረጃ 5፦ ለውጡን ሌላ ምን ሊያመጣው እንደሚችል ያስቡ

ስድስት ቃሉ እንኳ «ጥንድ ንባብ አሻሻለ» ለማለት ይበቃል ወይ? እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ይፈትሹ።

የመጀመሪያው ምንባቡ ነው። ሠልጣኟ በመጀመሪያ የለካቻቸው አይተውት በማያውቁት ምንባብ ነበር። በመጨረሻ የለካቻቸው ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፋቸው በተወሰደ፣ በጥንድ ንባቡ ወቅት ደጋግመው ባነበቡት ምንባብ። አንዳንዱ ልጅ ያነበበው ሳይሆን በቃሉ የያዘው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የዘዴውን ምዕራፍ ብቻ አይመኑ፤ አባሪው ላይ ያሉትን ሁለት ምንባቦች ጎን ለጎን አስቀምጠው ከየት እንደተወሰዱ ይዩ። ሁለቱ ምንባቦች በክብደት ካልተመጣጠኑ፣ ወይም አንዱ የተለማመዱት ከሆነ፣ የቁጥሩ ልዩነት ስለ ልጆቹ ይሁን ስለ ምንባቡ መለየት አይቻልም። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ከሁሉም የከፋው ጉድለት ይህ ነው፣ በቃላት ማለሳለስም አይስተካከልም።

ሁለተኛው አመራረጡ ነው። ከ52 ልጆች ዝቅተኛዎቹን 12 በአንድ ቀን ልኬታ ስንመርጥ፣ በእርግጥ ማንበብ የሚያቅታቸውን ብቻ ሳይሆን የዚያን ቀን ያመማቸውን፣ የፈሩትን፣ ቁርስ ሳይበሉ የመጡትንም እንይዛለን። እነዚህ ልጆች ምንም ሳይደረግላቸው በሌላ ቀን ቢለኩ የተሻለ ያነባሉ። ስለዚህ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ብቻ ተመርጠው እንደገና ሲለኩ አማካያቸው በራሱ ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሥራው በፊት በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ መለካት።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። በ4 ሳምንት ውስጥ መደበኛው የአማርኛ ትምህርትም ቀጥሏል። ማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖራትም ያልተመረጡትን 40 ልጆች፣ ወይም ጥቂቶቹን፣ በመጨረሻ መልሳ ለክታ ቢሆን ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ምን ያህል እንዳደገ ይታይ ነበር። ይህን አለማድረጓ ለብቻው ማርክ አያስቀንስም። «ጥንድ ንባቡ ያመጣው ነው» ብላ በእርግጠኝነት መጻፏ ግን ያስቀንሳል። «ጥንድ ንባቡ በተካሄደበት ጊዜ» ብትል የሚወቅሳት የለም።

ደረጃ 6፦ መረጃው ራሱ ምን ይላል?

ብዙ ግምገማ የሚያልቀው ጉድለት ተቆጥሮ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከተጻፈው ግኝት የተሻለ ግኝት ብዙ ጊዜ እዚያው ወረቀት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

የሠልጣኟን የምልከታ ማስታወሻ ያንብቡ። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ጽፋለች፦ «ተ4 እና ተ6 አንድ መጽሐፍ ይዘው ዝም ብለው ያያሉ። ተ1 ስትሳሳት አጠገቧ ያለችው ልጅ እያረመቻት ታነባለች።» የጥንዶቹን ዝርዝር ሲመለከቱ ተ1፣ ተ2 እና ተ3 ከደህና አንባቢዎች ጋር፣ ከተ4 እስከ ተ9 ያሉት ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጣምረው እናገኛለን። ትልቅ ለውጥ ያሳዩት ሦስቱ እነማን እንደነበሩ ያስታውሱ።

ይህ ለአንዲት መምህርት ወርቅ ነው። ሁለት ማንበብ የማይችሉ ልጆችን ማጣመር እንደማያዋጣ፣ ይልቁንም ማን ከማን ጋር ይቀመጥ የሚለው ወሳኝ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ለሚቀጥለው ዙር ምን መቀየር እንዳለባትም ይነግራታል። ግን እኛም እንደ እሷ እንዳንቸኩል እንጠንቀቅ። ሦስቱ ልጆች ሲጀመርም ከዘጠኙ የተሻሉት ነበሩ፤ 24፣ 26 እና 22። የተሻለ መነሻ ስለነበራቸው ይሁን በጓደኞቻቸው ምክንያት ይህ መረጃ አይለይም፤ የተለማመዱትን ምንባብ በቃላቸው የያዙትም እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ግኝት ብለው ሳይሆን በሁለተኛው ዙር የሚፈተሽ ጥርጣሬ ብለው ያስጽፏት።

ደረጃ 7፦ መረጃው ተሰብስቧል ወይስ ተፈጥሯል?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት ምልክት ሲያዩ ብቻ ነው። ፈጣኑ መፈተሻ መቶኛው ነው። 12 ሰው የመለሰው ጥያቄ ላይ «70 በመቶ» ከተጻፈ 8.4 ሰው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስምንት ሰው 66.7፣ ዘጠኝ ሰው 75 ነው የሚመጣው። ሁሉም ልጅ እኩል በሚባል መጠን ካደገ፣ አንድም ቀሪ ካልኖረ፣ ወይም የሠንጠረዡ ድምር ከመላሾቹ ቁጥር ካለፈ፣ የተሞሉትን መጠይቆችና የልኬታ ወረቀቶች እንድታመጣ ይጠይቁ። አይክሰሱ፤ ወረቀቱን ብቻ ይጠይቁ። የማጠጋጋት ስሕተት ወይም «ያልመለሱ» ሰዎችን አለመቁጠር ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ጭራሽ ከሌለ ጉዳዩ ከማረም ወጥቶ የክፍል ኃላፊው ዘንድ የሚቀርብ ነው።

ደረጃ 8፦ ጉድለቱን በክብደቱ ለይተው ይወስኑ

ኮሌጅዎ የራሱ የማርክ ክፍፍል ይኖረዋል፤ በእሱ ይሥሩ። ውሳኔውን የሚያቀልልዎት እያንዳንዱን ጉድለት «በምን ይስተካከላል?» ብሎ መለየት ነው።

አንዳንዱ በብዕር ይስተካከላል። የወላጆቹ አባባል እንደዚህ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ልኩ ሲመለስ ችግሩ ያበቃል። አንዳንዱ እንደገና በማስላት ይስተካከላል፤ መረጃው አለ፣ ስሌቱ ነው የተበላሸው። የ12 እና የ9 ጉዳይ እዚህ ይገባል። አንዳንዱ በመሰረዝ ብቻ ነው የሚስተካከለው፤ ስለ መጻሕፍት የተባለው ምንም መረጃ ስለሌለው ይወጣል። የመጨረሻው ዓይነት እንደገና ካልተለካ የማይድን ነው፤ የምንባቡ ጉዳይ። ጊዜ ካለ ባልተለማመዱት ምንባብ ዘጠኙን ልጆች መልሶ መለካት በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሥራ ነው። ፕራክቲከሙ አልቆ ወደ ትምህርት ቤቱ መመለስ ካልተቻለ ግን ግኝቱ ይቅርና «መለካቱ ለምን እንዳልሠራና በሚቀጥለው እንዴት መለካት እንዳለበት» ይጻፍ። ይህንንም በሐቀኝነት የጻፈች ሠልጣኝ ጥሩ ማርክ ይገባታል። «አልሠራም» የሚል ሪፖርት በዚያ ብቻ ማርክ ከተቀነሰበት በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ሁሉ «ሠርቷል» እያሉ ይጽፋሉ፤ ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን።

አስተያየቱን ሲጽፉ «ግኝቱ ከመረጃው ጋር አይሄድም» ብለው አይተዉት። ሠልጣኟ ይህን አንብባ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ብዙውን ጊዜ ማጠቃለያውን ትታ ሠንጠረዡን ታስተካክላለች፣ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ገጽ ጠቅሰው፣ ቁጥር ጠቅሰው፣ ምን እንደሚደረግ ይንገሯት። ለዚህ ሪፖርት የሚሆን አስተያየት ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እህቴ፣ የምልከታ ማስታወሻሽ ጥሩ ነው፤ ማጠቃለያሽ ግን አልተጠቀመበትም። የአባሪውን ሠንጠረዥ አትንኪ። አንደኛ፣ አማካዩን ሁለቱንም ጊዜ በተለኩት 9 ተማሪዎች ብቻ እንደገና አስዪ፣ ሦስቱ ለምን እንደቀሩም ጻፊ። ሁለተኛ፣ የዘጠኙን ተማሪዎች ውጤት ከአባሪው ወደ ምዕራፍ አራት አምጪና ተ1፣ ተ2፣ ተ3 ከሌሎቹ ለምን እንደተለዩ ከጥንዶቹ ዝርዝር ጋር አያይዘሽ ተወያዪበት፤ መነሻ ውጤታቸውንም አትርሺ። ሦስተኛ፣ ልጆቹን ባላዩት ምንባብ መልሰሽ ለኪያቸው፣ ካልቻልሽ “50 በመቶ አሻሽሏል” የሚለውን አውጪ። አራተኛ፣ ስለ ወላጆች የጻፍሽውን የመምህራኑ እምነት አድርገሽ ጻፊው፣ ስለ መጻሕፍት ያለውን ሰርዢ።»

ሪፖርቱ ታርሞ ሲመለስ ሙሉውን እንደገና ማንበብ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ሦስት ዓምድ ወረቀትዎን ያውጡና አዲሱን ማጠቃለያ ከእሱ ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ የአባሪው ቁጥሮች በመጀመሪያ ከቀረቡት ጋር አንድ መሆናቸውን ይመልከቱ። ከተለወጡ ለምን እንደተለወጡ የልኬታ ወረቀቱን ይዛ ታስረዳዎት።